የሐሳቡ ማርክ ለብቻ፣ የሰዋስዉ ማርክ ለብቻ፦ ለአሳማኝ ድርሰት የእርማት መስፈርት አሠራር

ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ላይ ጻፉ እንበል። ጥያቄው ጅማ ላይ ለማንም እንግዳ አይደለም፦ «ገበሬ የበሰለውን ቀይ ቡና ብቻ መልቀም አለበት ወይስ የለበትም?» ጽሑፎቹን ለዚህ መመሪያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ክፍል ገብቶ ያስተማረ ሰው ግን ሁለቱንም ተማሪዎች ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው ወረቀት ከመሀሉ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

«ገበሬዎች ቡና ሲለቅም ቀዩ ብቻ መልቀም አለበት። አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ከተቀላቀለ የቡናው ጣዕም ይበላሻል። ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይቀንሳል። አንዳንድ ሰዎች ቡናው ሌሊት ይሰረቃል፣ ስለዚህ ቶሎ መልቀም አለብን ይላል። ይህ እውነት ነው። ግን ጎረቤቶች ተራ ገብቶ ቢጠብቅ ሌባው ይቀራል፣ አረንጓዴውም እስኪቀላ ዛፉ ላይ ይቆያል።»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው፦

«ቡና የሀገራችን ኢኮኖሚ ዋልታ ነው። ለሁላችንም እጅግ ጠቃሚ ነው። ስለዚህ ሁሉም ገበሬ ቀይ ቡና ብቻ መልቀም እንዳለበት የታወቀ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ሀገሩን የማይወድ ነው። ቀይ ቡና መልቀም ግዴታችን ነው።»

ለእያንዳንዳቸው ከ20 የሚታሰብ አንድ ጠቅላላ ማርክ ብቻ ስጡ ብንባል፣ ብዙዎቻችን ለሁለተኛው የተሻለ እንሰጣለን። ጽዱ ነው፤ ዓይን አያደናቅፍም። የመጀመሪያውን ስናነብ ግን «ገበሬዎች ሲለቅም» ላይ እስክርቢቷችን ይቆማል፣ ከዚያም ስህተት ፍለጋ ውስጥ እንገባለን። ልጁ አንድ ተቃውሞ አንስቶ መልስ እንደሰጠ ሳናይ ገጹ ያልቃል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ግምገማ አይቶ ነበር። መኮንኖቹ የሰውነት አቋምን፣ አስተዋይነትን፣ የመሪነት ችሎታንና ጠባይን ለየብቻ እንዲመዝኑ ነው የተጠየቁት። ውጤቶቹ ግን ከሚገባው በላይ ተመሳሰሉ። በአንዱ ነገር ጥሩ የመሰላቸው ወታደር በሌላውም ጥሩ ሆኖ ታያቸው። ይህ ዝንባሌ «ሃሎ ኤፌክት» ይባላል። ድርሰት ስናርም ሰዋስዉ በሐሳቡ ላይ እንዲህ ያለ ጥላ ይጥልበታል።

ጅማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ አለ፤ ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገርና አማርኛን በትምህርት የሚያገኝ ልጅም አለ። ሁለቱን በአንድ ማርክ ስንመዝን የቤታቸውን ቋንቋ እየመዘንን ሐሳባቸውን የመዘንን ይመስለናል። ሰዋስዉ አይታይ ማለቴ አይደለም። የቋንቋ ትምህርት ነውና ይታያል፣ ማርክም ይያዝለታል። ግን በራሱ ቦታ።

መጀመሪያ ጥያቄውን አስተካክሉ

መስፈርት የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። «ስለ ቡና ጥቅም ጻፉ» ብሎ ጠይቆ የሙግት ጥራት መመዘን አይቻልም፤ የሚከራከር የለማ። ጥያቄው አስተዋይ ሰዎች በሁለት ጎራ ሊቆሙበት የሚችሉት መሆን አለበት። የቡናው ጥያቄ እንዲህ ነው። ቀዩን ብቻ መልቀም ጣዕምና ዋጋ ያስጠብቃል። በሌላ በኩል የአንድ ዛፍ ቡና እኩል አይበስልም፤ ቀዩን ብቻ የሚለቅም ሰው ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ መመለስ አለበት፣ ይህም ጉልበት ይጠይቃል። ሌባ አለ፣ በዚያ ወቅት ብር የቸገረው ቤተሰብም አለ።

መስፈርቱ ውስጥ የምትመዝኑትን ሁሉ ጥያቄው ውስጥ በግልጽ ጠይቁ። ለምሳሌ፦ «አቋማችሁን ግለጹ። ቢያንስ ሁለት ምክንያቶች ከነማስረጃቸው ስጡ። በእናንተ ሐሳብ የማይስማማ ሰው የሚያነሳውን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ጠቅሳችሁ መልስ ስጡ። ከ12 ዓረፍተ ነገር አይነስ።» ተቃራኒ ሐሳብ እንዲያነሱ ሳይነገራቸው፣ አላነሳችሁም ብሎ ማርክ መቀነስ ተገቢ አይደለም።

ሁለት ወገን፣ አምስት ረድፍ

ከ20 የሚታረም ከሆነ እኔ የምመርጠው ክፍፍል ይህ ነው። ለሙግቱ ሦስት ረድፍ፣ ለቋንቋው ሁለት ረድፍ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4። ሙግቱ 12፣ ቋንቋው 8፣ ድምሩ 20። ማባዛትም ማካፈልም የለበትም። 60 ወረቀት ለሚያርም ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ረድፎቹን ስትጽፉ ሦስት ቃላትን አስወጡ፦ «ግልጽነት»፣ «አቀራረብ» እና «የአጻጻፍ ውበት»። ብዙ ዝግጁ መስፈርቶች ላይ አሉ፣ ሰዋስዉ ተደብቆ ወደ ሙግቱ ማርክ የሚገባውም በእነሱ በኩል ነው። «ሐሳቡን በግልጽ አቅርቧል» የሚል ረድፍ ካለ፣ «ገበሬዎች ሲለቅም» ያለው ልጅ እዚያም ይቀነስበታል፣ ሰዋስው ረድፍ ላይም ይቀነስበታል። በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተቀጣ ማለት ነው።

አንድ ጉድለት የየትኛው ወገን እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ በዚህ መንገድ ለዩት። ዓረፍተ ነገሩን በሐሳባችሁ አርማችሁ አንብቡት። ከታረመ በኋላ ምክንያቱ ከቆመ፣ ጉድለቱ የቋንቋ ነው። ታርሞም ባዶ ከሆነ፣ ጉድለቱ የሙግት ነው። የሁለተኛው ተማሪ «ስለዚህ» ጥሩ ምሳሌ ነው። በፊደልም በሰዋስውም እንከን የለበትም። ነገር ግን «ቡና ጠቃሚ ነው» ከሚለው «ቀዩ ብቻ ይለቀም» የሚለው አይወጣም። አረንጓዴ ለቅሞ የሚሸጥ ሰውም ቡና ጠቃሚ መሆኑን አይክድም። ይህ የሙግት ጉድለት ነው፣ የሚቀነሰውም እዚያው ነው።

አሁን የሙግቱ ረድፎች። ለ4፣ ለ2 እና ለ0 ብቻ መግለጫ ጻፉ፤ 3 እና 1 በመሀል ላሉት ናቸው። አምስቱንም ደረጃ በቃላት ለመለየት የሞከረ ሰው «በጣም ጥሩ» እና «ጥሩ» በሚሉ፣ ማንንም በማይረዱ ቃላት ያበቃል።

አቋም
4፦ የሚደግፈው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ማንን እንደሚመለከት ወይም መቼ እንደማይሠራ ወሰን አበጅቶለታል።
2፦ አቋም አለ፣ ግን በመሀል ይለዋወጣል ወይም እጅግ ሰፊ ነው።
0፦ አቋም የለም፣ ወይም የጥያቄውን ቃል ብቻ ደግሟል።

ምክንያትና ማስረጃ
4፦ ቢያንስ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚጨበጥ ማስረጃ አለው፣ ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚደግፍም ተነግሯል።
2፦ ምክንያት አለ፣ ግን ማስረጃው ወይም ከአቋሙ ጋር ያለው ግንኙነት ጎድሏል።
0፦ ምክንያት የተባለው አቋሙን በሌላ ቃል መድገም ነው።

ለተቃራኒ ሐሳብ የተሰጠ መልስ
4፦ ባለቤቱ «አዎ፣ የምለው ይህንን ነው» ሊል በሚችልበት መንገድ ተቃውሞውን አንስቷል፣ መልስም ሰጥቷል።
2፦ አንስቷል፣ ግን ሳይመልስ አልፏል፣ ወይም ማንም የማይለውን ደካማ ተቃውሞ መርጧል።
0፦ የለም፣ ወይም በመልስ ፋንታ ተቃዋሚውን ሰድቧል።

ማስረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈተና ክፍል ውስጥ ያለ የ10ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፍ የለውም። ስለዚህ ያየው፣ የሚያውቀው የአሠራር ሂደት፣ ቤተሰቡ የገጠመው ነገር ማስረጃ ነው። «አረንጓዴ ሲቀላቀል ጣዕሙ ይበላሻል፣ ነጋዴው ያውቃል፣ ዋጋ ይቀንሳል» የሚለው ሰንሰለት ማስረጃ ነው፣ ልናጣራውም እንችላለን። «በጥናት እንደተረጋገጠው 95 በመቶ ገበሬ…» የሚለው ግን ማርክ አያስገኝ። ተማሪዎች ቁጥር ማርክ እንደሚያመጣ ከለመዱ ቁጥር ይፈጥራሉ። ምንጩን ያልተናገረ ቁጥር እንደማይቆጠር መስፈርቱ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ፣ ለክፍሉም አስቀድማችሁ ንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መስፈርቱን ከመጨረሳችሁ በፊት ከእናንተ በተቃራኒ የቆመ ልጅ 12 ከ12 የሚያገኝበትን ድርሰት በሦስት መስመር ጻፉ። በቡናው ጥያቄ «የለበትም» የሚል ልጅ የለቀማውን ጉልበት፣ ስርቆቱንና የብር እጥረቱን አንስቶ፣ ለዋጋው ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ሙሉ ማርክ ማግኘት መቻል አለበት። እንዲህ ያለ ድርሰት ልትጽፉ ካልቻላችሁ፣ መስፈርታችሁ የሚመዝነው ሙግት ሳይሆን ከእናንተ ጋር መስማማትን ነው።

የቋንቋው ወገን፦ ስህተት ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ቁጠሩ

ስህተት በጠቅላላ መቁጠር ብዙ የጻፈን ልጅ ይጎዳል። ሃያ ዓረፍተ ነገር የጻፈ፣ ስምንት ከጻፈው በላይ ስህተት ቢኖርበት አይገርምም። ስለዚህ 10 ዓረፍተ ነገር ብቻ ውሰዱ፣ ከመካከላቸውም ስህተት ያለባቸውን ቁጠሩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስህተት ቢኖርም አንድ ተብሎ ይያዛል። አሥሩን ከሁለተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ጀምራችሁ ውሰዱ፤ መግቢያውን ብዙ ልጆች በቃላቸው ይዘው ነው የሚመጡት።

ለሁለቱም የቋንቋ ረድፎች ልኩ አንድ ነው። ስህተት ያለበት ዓረፍተ ነገር ከሌለ ወይም አንድ ከሆነ 4፣ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ 3፣ አራት ወይም አምስት ከሆነ 2፣ ስድስት ወይም ሰባት ከሆነ 1፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 0። ይህ መነሻ ነው። ክፍላችሁ በሙሉ 4 ወይም በሙሉ 0 ከሆነ ልኩን አንቀሳቅሱት።

የመጀመሪያው ረድፍ ሰዋስው ነው፦ የባለቤትና የግስ ስምምነት፣ የተሳቢ «ን»፣ የአሉታ «ም» («አይሸጥም» ለማለት «አይሸጥ»)፣ ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛው የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ረድፍ ነው። እዚህ ላይ አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ይቆጠራሉ? የእኔ መልስ አይቆጠሩም ነው። ጋዜጣውና መጽሐፉ ራሱ ባልተስማማበት ነገር ተማሪ ማርክ ሊያጣ አይገባም። እናንተ ይቆጠር ካላችሁ፣ ያስተማራችኋቸውን ቃላት ብቻ ቁጠሩ።

ልጁ የአማርኛው ቃል ጠፍቶበት የአፋን ኦሮሞ ቃል ቢያስገባስ? ያ ዓረፍተ ነገር በቋንቋ ረድፍ ስህተት ያለበት ተብሎ ይያዝ። ምክንያቱ ግን በሙግት ረድፍ ሙሉ ዋጋውን ያግኝ።

ስህተቱ ትርጉሙን ሲያጠፋው

መለያየቱ የሚከብደው እዚህ ነው። «ነጋዴው ገበሬው ያታልላል» ብሎ የጻፈ ልጅ አለ። «ን» ጎድላለች። ማን ማንን እንዳታለለ ከዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም፤ ግሱ ለሁለቱም ይሠራል። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። «በሚዛን ይቀንስበታል» ካለ አታላዩ ነጋዴው ነው። ትርጉሙ ከአካባቢው ከተገኘ ጉድለቱ የቋንቋ ብቻ ነው፣ ምክንያቱ ይቆጠርለት።

ዙሪያውን አንብባችሁም ካልተገኘ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና ምክንያቱን እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። ዋጋ አያገኝም፣ ሌላ ቅጣትም አይጨመርበትም። የክፍል ሥራ ከሆነ ልጁን ጠርታችሁ «እዚህ ላይ ማን ነው ያታለለው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ምክንያቱ በጭንቅላቱ እንደነበረ ከነገራችሁ፣ የሚያስፈልገው የ«ን» ልምምድ እንጂ የሙግት ትምህርት አይደለም።

እርማቱ በሁለት ዙር

መስፈርቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አምስቱን ረድፍ በአንድ ንባብ ከሞላችሁ ማርኮቹ ተመልሰው ይቀላቀላሉ። የመጀመሪያው ዙር ለሙግት ብቻ ነው። ቀይ እስክርቢቶ ከጠረጴዛ ይነሳ። እርሳስ ያዙ፣ ዳር ላይ ሦስት ምልክት ብቻ አድርጉ፦ ለአቋም «አ»፣ ለምክንያት «ም»፣ ለተቃራኒ «ተ»። ማርኩን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን፣ ተማሪዎቹ በቁጥር ብቻ በተለዩበት ሌላ ሉክ ላይ ጻፉ። ስም አይታይ። የክፍሉን ወረቀት በሙሉ በዚህ መንገድ ጨርሱ።

ሁለተኛው ዙር ቢቻል በሌላ ቀን ይሁን፤ ከወረቀቱ ክምር ታችኛው ጫፍ ጀምሩ። አሁን የምታነቡት 10 ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ ፈጣን ነው። የሙግቱን ሉክ አትመልከቱ።

በዚህ መንገድ ሁለቱን ልጆቻችንን እንያቸው። የመጀመሪያው ልጅ አቋሙ ግልጽ ነው፣ ወሰን ግን የለውም፤ 3። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፣ ሰንሰለቱ ግን ከቅልቅሉ እስከ ዋጋው ሙሉ ነው፤ 3። ተቃውሞውን «ይህ እውነት ነው» ብሎ አክብሮ አንስቷል፣ መፍትሔም ሰጥቷል፤ 4። ሙግቱ 10 ከ12። በሰዋስው ከላይ ካየናቸው ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ሦስቱ ስህተት አለባቸው። ከቀሪዎቹ አራት ሁለቱ እንዲሁ ናቸው ብንል አምስት ይሆናል፤ 2። በፊደልና በነጥብ ሦስት ዓረፍተ ነገር ላይ ስህተት ተገኘ እንበል፤ 3። ቋንቋው 5 ከ8፣ ድምሩ 15።

ሁለተኛው ልጅ አቋሙ እንደ መጀመሪያው ግልጽ ነው፣ ወሰን የለውም፤ 3። ምክንያቱ ከአቋሙ ጋር አይገናኝም፤ ቢሆንም የቡናን ጥቅም ስላነሳ 1። ለማይስማማው ሰው የሰጠው መልስ «ሀገሩን የማይወድ ነው» የሚል ነው፤ ይህ ስድብ ነው፤ 0። ሙግቱ 4 ከ12፣ ቋንቋው 8 ከ8፣ ድምሩ 12።

ከድምሩ በላይ የሚጠቅመው ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ መታየታቸው ነው። ለመጀመሪያው ልጅ የምትጽፉለት አስተያየት «ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ግሱም ብዙ ይሁን፤ ሁለተኛ ምክንያት ጨምር» ነው። የሰዋስዉ ስህተቱ ብዙ ይመስል ነበር፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ከአንዲት «ን» በቀር ሁሉም የስምምነት ስህተት ነው። አንድ ትምህርት ሊያስተካክለው ይችላል። ለሁለተኛው ደግሞ «አረንጓዴ የለቀመው ሰው ለምን እንደለቀመ ጠይቀውና መልስለት» ትሉታላችሁ። በአንድ ማርክ «ጎበዝ» ተብሎ ቢያልፍ ይህን ማንም አይነግረውም ነበር።

በእርግጥ መለየቱን መፈተሽ

ከመጠቀማችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከሌላ መምህር ጋር አንድ ዓይነት ስድስት ወረቀት ለየብቻ አርሙና ረድፍ በረድፍ አወዳድሩ። የአንድ ነጥብ ልዩነት ያለ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ከተለያያችሁ፣ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ መግለጫው ተወያዩ። ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው ያለያያችሁ፤ ለምሳሌ «የሚጨበጥ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ። ምሳሌ ጨምራችሁ እንደገና ጻፉት።

ሁለተኛው ፍተሻ ይበልጥ ይናገራል። እንደ መጀመሪያው ልጅ ያለ፣ ሙግቱ ጥሩ ሰዋስዉ ደካማ የሆነ ወረቀት ምረጡ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ በእጁ ይገልብጠው፦ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን የሰዋስውና የፊደል ስህተቱን ብቻ አርሞ። ሁለቱን ቅጂዎች ለሁለት መምህራን አንድ አንድ ስጡና፣ ሌላ ቅጂ እንዳለ ሳትነግሯቸው ያርሙ። የቋንቋው ማርክ በደንብ መለያየት አለበት። የሙግቱ ማርክ ከ12 በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ቢለያይ ደህና ነው። የታረመው ቅጂ በሙግት በሦስት በአራት ነጥብ ከበለጠ ግን ሰዋስዉ አሁንም እየገባ ነው። የትኛው ረድፍ ላይ እንደዘለለ እዩ፣ መግለጫውን እዚያ ላይ አስተካክሉ። በአንድ ወረቀት ብቻ አትፍረዱ፤ መምህራኑ በተፈጥሯቸው ለጋስና ቆጣቢ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በሌላ ወረቀት ቅጂውን አቀያይራችሁ ድገሙት።

ትምህርት ቤቱ ማርክ ሊስት ላይ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ድምሩን አስገቡ። በራሳችሁ ደብተር ግን ሁለቱን አምድ አቆዩ፣ ወረቀቱ ላይም ለተማሪው «10/12» እና «5/8» ብላችሁ ጻፉለት። በሚቀጥለው ድርሰት የትኛው እንደተንቀሳቀሰ የምታዩት ከዚያ ላይ ነው።